ጀሪካኑን ማን ይሞላዋል?

በኮሎምበስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ከሃይ ስትሪት ግራና ቀኝ፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በትምህርትም በሥራም የተሳሰርን ኢትዮጵያውያን አለን። ዩኒቨርሲቲው ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጤና ሥራ ለዓመታት አብሮ ስለቆየ፣ የአገር ቤት የውሃና የንጽህና ጉዳይ እዚህ ሲነሳ እንግዳ ወሬ አይሆንም። ገንዘብ አዋጥተን ውሃ አጠር በሆነው በዋግ ኽምራ በኩል ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ እናሠራ ሲባል ግን ሐሳብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ቲፒ ታፕ ይሠራ ይላል፤ በእግር የሚረገጥ፣ ከጀሪካንና ከእንጨት የሚሠራው ማለት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ይህ የድሃ መጫወቻ ነው፣ ሮቶ ተክለን ቧንቧ እንዘርጋ ባይ ነው። ሁለቱም ከልባቸው ነው። የሁለቱንም ክርክር በውሃ ልክ፣ በሊትር መዝኖ ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ቲፒ ታፕ የሚሉትን እንስማ። አንድ ባለ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ሁለት ባላ፣ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ አንድ መርገጫ ዱላ፣ ጥቂት ሲባጎ፣ አንድ ምስማርና ጠጠር ካለ፣ ከሰዓት በኋላ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል። ባላዎቹ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ያህል ይሆንና ግማሽ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል ይተዋል። አግዳሚው በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ ያልፍና ባላው ላይ ያርፋል። ምስማር በእሳት ይግልና ከክዳኑ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጀሪካኑ ይበሳል። ቀዳዳው ከምስማሩ ውፍረት መብለጥ የለበትም። ክዳኑም ይበሳና ሲባጎ ገብቶበት ከውስጥ ይቋጠራል፤ የሲባጎው ሌላ ጫፍ ከመርገጫው ዱላ ላይ ይታሰራል። መርገጫው ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ እግር ሲነሳ ጀሪካኑ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ውሃውም ይቆማል። የታጠበ እጅ የሚነካው ነገር የለም። ከሥሩ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጠጠር ይሞላል፤ ይህ ከቀረ ቦታው በሳምንት ውስጥ ጭቃ ይሆንና ልጆቹ መቅረብ ይተዋሉ።

ሐሳቡ ከአፍሪካ የመጣ ነው። በዚምባብዌ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቅል ይሠራ ከነበረው መታጠቢያ የተወለደ ሲሆን፣ በእኛም አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲያስተምሩት ኖረዋል። ትልቁ ጸጋው ውሃ መቆጠቡ ነው። ልጅ እጁን አርጥቦ፣ እግሩን አንስቶ ሳሙናውን እያሸ፣ እንደገና ረግጦ ለማለቅለቅ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል እንበል፤ የተለማመደ ከዚህም ባነሰ ይታጠባል። እዚህ አሜሪካ በመኖሪያ ቤት የሚገጠም የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ በሕግ የተፈቀደለት ከፍተኛ ፍሰት በደቂቃ 8.3 ሊትር ነው። ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ውስጥ የሚኖር አንድ ተማሪ ይህን ቧንቧ ለ20 ሴኮንድ ከፍቶ እጁን ቢታጠብ 2.8 ሊትር ገደማ ያፈሳል፤ በዚያ ውሃ በቲፒ ታፕ 18 ልጆች ይታጠባሉ።

አሁን ሮቶ የሚሉትን እንስማ፣ ምክንያታቸው ቀላል አይደለምና። ባላውን ምስጥ ይበላዋል። ሲባጎው እየተፋተገ ይበጠሳል። ጀሪካኑ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ውሃው ደለል ካለበት ቀዳዳው ይደፈናል፤ ልጆች በእሾህ ሲጎረጉሩት ይሰፋና ቁጠባው ያበቃል። ባዶ ጀሪካን ገበያ ላይ ዋጋ ያለው ዕቃ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይሰወራል። ትንሹ የአንደኛ ክፍል ልጅ ቁመቱ አይደርስም፤ እግሩ ወይም ሚዛኑ የሚያስቸግረው ልጅ መርገጫውን ሊጠቀምበት አይችልም። ለምረቃ ቀን አሥር ቲፒ ታፕ ተደርድሮ ፎቶ ይነሳና በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ባላው ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ይህን ያዩ ሰዎች «ዘላቂ ነገር እንሥራ» ሲሉ ልክ ናቸው።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። 600 ተማሪ ያለው፣ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እናስብ፤ በአንድ ፈረቃ 300 ልጅ አለ። እያንዳንዱ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዴ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ፣ አንዴ ምሳ ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት። ይህ በቀን 1,200 መታጠብ ነው፤ በ150 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 180 ሊትር ይሆናል። ዘጠኝ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ለትምህርት ቤት የሚያስቀምጠው ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ በተማሪ 3 ሊትር በቀን ነው፤ በዚያ ስሌት 1,800 ሊትር ይጠየቃል። ልዩነቱን ስናይ 180 ሊትር ለእጅ ብቻ የሚሆን የመጨረሻው ትንሽ ልክ እንደሆነ እንረዳለን።

አንድ ልጅ በ30 ሴኮንድ ታጥቦ ከሄደ፣ በ15 ደቂቃ እረፍት አንድ ቲፒ ታፕ 30 ልጅ ያስተናግዳል። ባለ5 ሊትሩ ጀሪካን ደግሞ 33 መታጠብ ይይዛል። ማለትም አንዱ ጀሪካን ለአንድ እረፍት ይበቃል፣ ለሁለተኛው አይበቃም። 300 ልጅ በአንድ እረፍት ሁሉም እንዲታጠብ አሥር ቲፒ ታፕ ያስፈልጋል፤ አሥሩም በቀን አራት ጊዜ ያህል መሞላት አለባቸው። በቲፒ ታፕ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ በመመሪያዎቹ ሥዕል ላይ ግን አይታይም። ጀሪካኑ በእረፍት መሃል ካለቀ ከኋላ የተሰለፈው ልጅ አንዴ ረግጦ አየር ያገኛል፣ ነገ አይሰለፍም።

በዚያው ትምህርት ቤት 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ቢተከልስ? ልጆቹ ቧንቧውን በደንብ ከፍተው በደቂቃ 6 ሊትር እየፈሰሰ ለ20 ሴኮንድ ቢታጠቡ፣ አንዱ መታጠብ 2 ሊትር፣ ቀኑ 2,400 ሊትር ይወስዳል። ሮቶው በአምስተኛው ቀን ይደርቃል። ሮቶ ፈላጊዎቹን ላለመበደል ግን የተሻለውንም እናስላ። ቧንቧው ጠበብ ያለ ሆኖ፣ አንድ ልጅ ተረኛ ሆኖ እየተቆጣጠረ፣ ሳሙና ሲታሽ እየተዘጋ ቢሠራ ግማሽ ሊትር ሊበቃ ይችላል፤ ያኔ በቀን 600 ሊትር፣ ሮቶው ለ16 የትምህርት ቀን ይሆናል። ያው 10,000 ሊትር በቲፒ ታፕ ልክ ቢቀዳ 55 የትምህርት ቀን ይዘልቃል።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ስለተለያዩ ነገሮች ነው የሚከራከሩት። ሮቶ የማጠራቀሚያ ዕቃ ነው፤ ቲፒ ታፕ ደግሞ ውሃውን በእጅ ላይ የሚመጥን ዕቃ ነው። ውሃ በሞላበት ቦታ ቧንቧ ሁለቱንም ይሠራል። በዋግ ኽምራ በኩል ግን ሮቶው ቧንቧው ተቆልፎ ለመቅጃ ብቻ ቢቆም፣ ልጆቹም ከሮቶው በተሞላ ቲፒ ታፕ ቢታጠቡ የተሻለ ይሆናል ባይ ነኝ። ይህን ስል ሮቶ ፈላጊዎቹ ቅር ይላቸዋል፤ የሚያምር የመታጠቢያ መደዳ ሊያቆሙ አስበው ነበርና። ቅሬታቸው ይገባኛል። አገር ቤት ያለ ልጅ ለምን እንደ ሌላው ልጅ ቧንቧ አይከፍትም የሚለው ጥያቄ የክብር ጥያቄ ነው፣ በሊትር ስሌት አይመለስም። ምንጭ ጎልብቶ በመስመር ውሃ የሚገባበት ቀን ሲመጣ ባላውን ነቅሎ ቧንቧ መግጠም እንጂ ቲፒ ታፕን የመጨረሻ መድረሻ ማድረግ አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ውሃው ከየት ይመጣል የሚለው ነው፤ ገንዘባችን የሚያልቅበትም እዚሁ ነው።

የጣሪያ ውሃ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። የአራት ክፍል ሕንጻ ጣሪያ 200 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆንና ከወረደው አምስተኛው በመፍሰስና በመትነን ቢጠፋ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር 160 ሊትር ይገኛል። ባለ10,000 ሊትሩን ሮቶ ለመሙላት 63 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃል፤ ይህን የክረምቱ ሰማይ በጥቂት ሳምንታት ይሰጣል። ችግሩ የዝናብ ማነስ አይደለም። ዝናቡ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ነው። ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ የተረፈውን የሚይዝ የለም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር 55 ቀን ተቆጥሮ፣ በሳምንት በአምስት ቀን አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ውሃው ያልቃል። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለው ደረቅ ጊዜ ይቀራል። ሁለት ሮቶ ቢተከል እስከ የካቲት ይዘልቃል፤ ግንቦትን ለማየት ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ደግሞ አይረሳ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ በሌላ በኩል እንዲፈስ መደረግ አለበት። ነሐሴ ላይ ደግሞ አሸንዳውን የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል፤ በዚያ ወር ግቢው ውስጥ ያለው ዘበኛው ብቻ ስለሆነ ይህ ሥራ በስሙ ካልተጻፈ አይሠራም።

ሁለተኛው ሐሳብ ልጆቹ ከቤታቸው ውሃ ይዘው ይምጡ የሚለው ነው። ግማሽ ሊትር በሃይላንድ ይዞ የሚመጣ 600 ልጅ 300 ሊትር ያመጣል፤ ከ180ው ይበልጣል። ወጪ የለውም፣ ሮቶ አይጠይቅም፣ ነገ ሊጀመር ይችላል። የሚደግፉት ሰዎች የሚሉት ሌላም ነገር አለ፤ ልጅ ራሱ ያመጣውን ውሃ አያባክንም። ይህ እውነት ነው። የሚቃወሙት ደግሞ ያ ግማሽ ሊትር በማን ጀርባ እንደሚመጣ ይጠይቃሉ። በገጠር ውሃ የሚቀዱት በአብዛኛው እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው፤ በደረቁ ወር ምንጩ ሲርቅ ትምህርት ቤቱ ከእነርሱ ትከሻ ላይ ተጨማሪ ይጭናል። ውሃ ያልያዘች ልጅ በር ላይ ከተመለሰች ደግሞ የጤና ሥራው ትምህርት አስቀረ ማለት ነው። በመንገድ ላይ የጠማው ልጅም ይጠጣዋል፣ ሊወቀስም አይገባም። እኔ የማደላው ለሁለተኞቹ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሮቶው ሊያልቅ ሲል ለሁለት ለሦስት ሳምንት መሻገሪያ፣ በፈቃድ፣ ያላመጣ ሳይጠየቅ ከሆነ ልቀበለው እችላለሁ። የዓመት ሥርዓት ሲሆን ግን አልቀበለውም።

ሦስተኛው በአህያ ማስቀዳት ነው። አንድ አህያ ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ተጭና ብትሄድ 180ውን ለማድረስ አምስት ጉዞ ትጓዛለች፤ ምንጩ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ከሆነ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህ ለአንድ ሰው እውነተኛ ሥራ ነው፣ ክፍያ ይገባዋል። እዚህ ላይ ነው እኛ ውጭ ያለን ሰዎች የምንሸሸው። ዕቃ መግዛት እንወዳለን፣ ደሞዝ መክፈል አንወድም፤ ዕቃው ስማችንን ይዞ ይቆማል፣ የውሃ ቀጂው ክፍያ ግን በየወሩ ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለው ክፍያ ሳይያዝ የሚተከል መታጠቢያ ግማሽ ዓመት ደርቆ እንደሚቆም ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። በሌላ በኩል «በውጭ ገንዘብ ውሃ ማስቀዳት ጥገኝነት ነው፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ከአካባቢው ያዋጣ» የሚሉ አሉ፤ እነርሱም ምክንያት አላቸው። እኛ በሦስት ዓመት ብንደክም ማን ይቀጥላል? ለእኔ የሚታየኝ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የክፍያው ጥቂት ድርሻ ከኅብረቱ እንዲወጣ፣ ድርሻውም በየዓመቱ እንዲያድግ አስቀድሞ መፈራረም ነው። ኅብረቱ አልችልም ካለ ያን ጊዜ ሳይሆን አሁን መስማት ይሻላል።

ሳሙናውም እንደ ውሃው አቅርቦት ይፈልጋል። ደረቅ ሳሙና በሲባጎ ተንጠልጥሎ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ይሰረቃልም። የሚሻለው በተለምዶ ኦሞ የምንለውን ዱቄት ሳሙና 30 ግራም ያህል በ1.5 ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ከባላው ጋር ማሰር ነው። ለአንድ እጅ 4 ሚሊ ሊትር ከወጣ አንዱ ጠርሙስ 375 ጊዜ ያስታጥባል፤ ለ1,200ው በቀን ከሦስት ጠርሙስ ትንሽ ይበልጣል፣ 100 ግራም ኦሞ ገደማ ነው። በወር ሁለት ኪሎ። ይህን ትምህርት ቤቱ ለማስኬጃ ከሚያገኘው ድጎማ ሊሸፍነው ይችላል፤ የተበጠበጠ ሳሙናን ማንም ቤቱ አይወስደውም። ኦሞ ያለቀ ቀን አመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል ተብሎ ይመከራል፣ የጥናት ማስረጃው ግን ደካማ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ልጆቹ ይታጠባሉ ወይ? በዚህም ላይ ሁለት ዓይነት ማስረጃ አለ። በባንግላዴሽ በሁለት ትምህርት ቤቶች ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ መታጠቢያው ድረስ የተነጠፈ መንገድ ተሠርቶ የእግር ዱካ፣ መታጠቢያው ላይ ደግሞ የእጅ ምስል ተቀባ። ስብከት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት መሠረት ከመጸዳጃ ወጥተው በሳሙና የሚታጠቡት ከ100 ልጆች 4 የነበሩት በማግስቱ 68፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ 74 ሆኑ። ከዚህ የሚወሰደው ቦታው ነው፤ ቲፒ ታፑ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ሳይሆን ልጁ ከመጸዳጃ ሲወጣ ሊያልፈው በማይችልበት መተላለፊያ ላይ መቆም አለበት።

ሌላው ማስረጃ ልብ ይሰብራል፣ ከራሱ ከዋግ ኽምራ ነውና። በሰቆጣ ዙሪያ፣ በሰቆጣ ከተማና በጋዝጊብላ ወረዳዎች በ40 የገጠር ማኅበረሰቦች ላይ የትራኮማ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ግማሾቹ የውሃ ነጥብ ተሠራላቸው፣ በየቤቱ የመታጠቢያ ጣቢያ ቆመላቸው፣ ሳሙና ታደለ፣ በትምህርት ቤቶች ትምህርት ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ በልጆች ዓይን ላይ ያለው የትራኮማ ተህዋሲ ከሌሎቹ ማኅበረሰቦች አልቀነሰም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ጥናቱ ስለ ፊትና ዓይን እንጂ ስለ እጅና ተቅማጥ አይደለም፣ ስለዚህ እጅ መታጠብ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ከጥናቱ አልፎ ይናገራል። ግን «ቲፒ ታፕ ተክለን በሽታ አጠፋን» ብለን ለአዋጪዎች ሪፖርት እንዳንጽፍ ይከለክለናል። ቃል ልንገባ የምንችለው ልጆች ውሃና ሳሙና ያገኛሉ ብለን ነው፤ ይህን ደግሞ መለካት ይቻላል።

አለካኩም ቀላል ነው። መምህሩ ወይም የጤና ክበቡ ተረኛ ከሰዓት በኋላ ከመጨረሻው እረፍት በኋላ ይሄድና ከቲፒ ታፑ ሥር ያለውን ጠጠር ይነካል። ጠጠሩ ርጥብ ከሆነ ተሠርቶበታል። ከዚያ የሳሙናውን ሃይላንድ ያያል፤ ሰኞ ከተሞላው ዓርብ ድረስ ከፍ ብሎ የቆየ ከሆነ ጠጠሩን ያረጠበው የሚጠጡና የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው የሮቶው ቁመት ነው፤ ጎኑ ላይ በቀለም በተሰመረ መስመር በሳምንት 900 ሊትር ያህል መውረድ አለበት፣ ከዚህ በጣም ከበለጠ ቧንቧው ወይም ቀዳዳው ይፈሳል፣ በጣም ካነሰ ልጆቹ አይታጠቡም። እነዚህ ሦስቱ በደብተር ላይ ከተጻፉ ከኮሎምበስ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ፎቶ መለመን አያስፈልገውም።

ክፍያውንም ከደብተሩ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ገንዘብ ለሮቶውና ለአሸንዳው፣ ሁለተኛው ኅዳር ላይ ደብተሩ ታይቶ ለውሃ ቀጂው፣ ሦስተኛው መጋቢት ላይ። ሮቶ ፈላጊዎቹ ለዚህ ተስማምተው ቲፒ ታፕ ወዳዶቹ «ደብተር መምህሩን ያሰለቸዋል» ብለው ሊቃወሙ ይችላሉ፣ ትክክልም ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ በቀን የሚጻፈውን በሳምንት አንዴ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በታች ከወረደ ግን ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን የምንሰማው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ይሆናል።